ሦስት ቀን ለስድስት ምዕራፍ

ማክሰኞ ማለዳ ነው። ፈተናው ዓርብ ጠዋት 2፡30 ይጀምራል። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የዶርም አልጋዋ ላይ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርሱን ሞጁል፣ ሁለት ደብተርና ከኮፒ ቤት ያመጣቻቸውን የመምህሩ ስላይዶች ዘርግታለች። ስድስት ምዕራፍ ከፊቷ አለ። ሚድ ላይ ያገኘችው ውጤት ብዙም አላረካትም፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሌሎች ኮርሶች አሳይመንት ጊዜዋን በላው። እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ሞጁሉ የመጀመሪያ ገጽ ይሄዳል፤ ሃይላይተሩም ተከፍቷል።

ተማሪዋን ለምሳሌ ያህል አሰብናት እንጂ ሁኔታዋን ግቢ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያች የመጀመሪያ ገጽ ከጀመረች የሚከተለውንም ለመገመት አይከብድም። ምዕራፍ አንድ ስለ ኢኮኖሚክስ ትርጉምና ስለ እጥረት ያወራል፤ ሲነበብ ይገባል፤ ሲገባ ደግሞ ደስ ይላል። ማክሰኞ በዚያ ያልቃል። ረቡዕ የፍላጎትና የአቅርቦት ምዕራፍ ይነበባል። ሐሙስ ከሰዓት የሸማቹ ባህሪ ላይ ስትደርስ ድንጋጤው ይጀምራል፤ ሐሙስ ሌሊት ደግሞ ሦስት ምዕራፎች እንቅልፍ በሌለው ዓይን በጥድፊያ ይገለበጣሉ። ሦስቱን ቀን ሙሉ አጥንታለች፤ ሰነፍ ናት የሚላት የለም። ስህተቱ ያለው ሰዓቷን የሰጠችበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ያ ቅደም ተከተል የሞጁሉ አዘጋጆች ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ያወጡት ነው፤ ለሦስት ቀን ጥናት የታሰበ አይደለም።

የሚገርመው፣ መውጫው እዚያው ሞጁል ውስጥ ተጽፏል። ምዕራፍ ሦስት የተወሰነ ብር ያለው ሸማች ብሩን በተለያዩ ዕቃዎች ላይ እንዴት ቢያከፋፍል እርካታው ከፍተኛ እንደሚሆን ያስተምራል። መልሱ በአንድ ዕቃ ላይ የሚወጣው የመጨረሻ ብር የሚያመጣው ተጨማሪ እርካታ፣ በሌላው ዕቃ ላይ የሚወጣው የመጨረሻ ብር ከሚያመጣው ጋር እስኪተካከል ድረስ ማዘዋወር ነው። ሐሳቡን ጀርመናዊው ኸርማን ኃይንሪክ ጎሰን በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። በብር ፈንታ ሰዓት፣ በዕቃ ፈንታ ምዕራፍ፣ በእርካታ ፈንታ የፈተና ነጥብ ቢተካ ደንቡ የተማሪዋን ጥያቄ ይመልሳል። አንዱ ምዕራፍ ላይ የምታሳልፈው ቀጣይ ሰዓት የሚያመጣው ነጥብ ሌላው ምዕራፍ ላይ ብታሳልፈው ከሚያመጣው ሲያንስ፣ መጽሐፉን ዘግታ ወደዚያኛው መሄድ አለባት ማለት ነው።

ደንቡን በሥራ ለማዋል ግን ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ምን ያህል ሰዓት እንዳለ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በፈተናው ላይ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ፣ ተማሪዋ ዛሬ ብትፈተን ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደምታገኝ።

የሰዓቱ ሒሳብ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው የሚታለለው እሱ ላይ ነው። ከማክሰኞ ማለዳ እስከ ዓርብ ማለዳ 72 ሰዓት አለ ብሎ የሚነሳ ሰው የሌለውን ሰዓት እየመነዘረ ነው። እንቅልፍ፣ የካፌ ሰልፍ፣ ገላ መታጠብ፣ ላይብረሪ ቦታ ፍለጋ፣ አንድ ቀሪ ክላስ ሲቀናነሱ፣ አእምሮ በደንብ የሚሠራበት ጊዜ በቀን 7 ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው። በሦስት ቀን 21 ሰዓት ይሆናል። ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻውን ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ 21 ሰዓት ያለው ሰው ምዕራፍ አንድ ላይ 7 ሰዓት አያጠፋም።

የነጥቡ ግምት ትንሽ ምርመራ ይጠይቃል። ማስረጃው ሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የኮርስ አውትላይኑ ነው፦ መምህሩ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የመደበው የክፍለ ጊዜ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ከፈተናው ነጥብ ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ከከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ወይም ከግቢ በር ኮፒ ቤት የሚገኝ ያለፉ ዓመታት ፈተና ነው። ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ መምህሩ የሰጠው ዎርክሺት ነው። መምህር ጊዜ ወስዶ ጥያቄ ያወጣበት ርዕስ እሱ ራሱ ቁም ነገር ነው ብሎ የያዘው ርዕስ ነው። ተማሪዋ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ፈተናው ከ50 እንደሚታረም ስለምታውቅ እንዲህ ገመተች፦ ምዕራፍ አንድ 6፣ ፍላጎትና አቅርቦት 12፣ የሸማች ባህሪ 7፣ ምርትና ወጪ 10፣ የገበያ ዓይነቶች 8፣ የማክሮ መግቢያ 7።

ያለፈ ፈተናን ስለ ማመን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያለፈ ፈተና የርዕሶቹን ክብደት ሊያሳይ ይችላል፤ ጥያቄዎቹን ግን አይተነብይም። መልሶቹን ሸምድዶ የሚገባ ተማሪ መምህር ከተለወጠ ወይም ምርጫው ቀርቶ ወርክአውት ከበዛ ባዶ እጁን ይቀራል። የሁለት ዓመት ፈተና ካለ ማነጻጸር ይበጃል፤ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ክብደት የያዘ ርዕስ ይታመናል፤ በአንዱ ብቻ የታየው ግን ከግምት አያልፍም።

ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ዛሬ የምታውቀው፣ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰው ስለ ራሱ ዕውቀት ያለው ግምት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነውና። ደብተር ሲገለጥ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ዓይን የሚያውቀው ግን ገጹን ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ ንባብ ሊሆን አይገባም። ደብተሩ ተዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ወጥቶ፣ ከየምዕራፉ አራት አምስት ጥያቄ ካለፈው ፈተናና ከዎርክሺቱ ተመርጦ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሳያዩ መሥራት ነው። ያስከፋል። ብዙ ተማሪ ከዚህ የሚሸሸውም ገና ሳያጠና መውደቁን ማየት ስለማይፈልግ ነው። ነገር ግን ማክሰኞ የሚታይ ውድቀት ነጥብ አይቆርጥም፤ የሚጠቁመው ሰዓቱ የት መሄድ እንዳለበት ነው።

ከዚህም በላይ ይህ ሙከራ ራሱ ጥናት ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሥራ በጣም ይታወቃል። ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ፤ ቀጥሎ አንዱን ጽሑፍ እንደገና ሲያነቡ፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን በወረቀት አሰፈሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በልጦ ተገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደግመው ካነበቡት 54 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 68 ከመቶውን አስታወሱ። ለእኛ ተማሪ ቁም ነገሩ «ሁለት ቀን» የሚለው ላይ ነው። ማክሰኞ ያጠናችው ዓርብ ይፈለጋል። ደግሞ ማንበብ ወዲያው የሚሰጠው ምቾት እስከ ዓርብ አይቆይላትም።

የሙከራው ውጤት ይህን ይመስላል እንበል። ከምዕራፍ አንድ 6 ነጥብ 4 ይዛለች። ከፍላጎትና አቅርቦት 12 ግማሹን። ከሸማች ባህሪ 7 ነጥብ 2 ብቻ። ከምርትና ወጪ 10 ነጥብ 1፤ እዚያ ላይ ሰሌዳው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከገበያ ዓይነቶች 8 ነጥብ 2፣ ከማክሮ 7 ነጥብ 4። ሲደመር 19 ከ50።

አሁን የደንቡ ጊዜ መጣ። ደመ ነፍስ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶችን ያሳያል። አንደኛው በጣም የማውቀውን ላጠናክር የሚለው ነው፤ ምዕራፍ አንድ ላይ የቀሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ ስለሆኑ ብዙ አያስገኝም። ሁለተኛው ጭራሽ የማላውቀውን ልጋፈጥ የሚለው ነው፤ እንዲህ የሚል ሰው በጣም ከባዱ ላይ ሁለት ቀን ይቀልጣል። ጃኔት ሜትካፍ የተባለችው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ጥናት ጊዜ ሲጠብ የሚያዋጣው መካከለኛው፣ ማለትም ተማሪው ገና ያልያዘው ግን ለመያዝ የተቃረበው ርዕስ እንደሆነ ትሞግታለች። በእኛ ምሳሌ ይህ ፍላጎትና አቅርቦት ነው፦ ግማሹ አለ፣ ግማሹ ጎድሏል፣ ነጥቡም ከሁሉም ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከደብተሩ አንድ ጥያቄ ወስዶ ማየት ይጠቅማል። የፍላጎት ቀመር Qd = 100 − 2P፣ የአቅርቦት ቀመር Qs = 10 + P ቢሆን ሚዛናዊው ዋጋና መጠን ስንት ነው? ሁለቱን ማስተካከል ነው፤ 100 − 2P = 10 + P፣ ስለዚህ P = 30፣ Q = 40። ተማሪዋ እስከዚህ ድረስ በሙከራው ላይ ሠርታዋለች። የተሰናከለችው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፦ በዚያ ነጥብ ላይ የፍላጎቱ ኢላስቲሲቲ ስንት ነው? የፍላጎቱ ስሎፕ −2፣ ዋጋው ለመጠኑ ሲካፈል 30/40፤ ሲባዙ −1.5። በፍጹም ዋጋው ከ1 ስለሚበልጥ ፍላጎቱ ኢላስቲክ ነው፤ ሻጩ ዋጋ ቢጨምር ገቢው ይቀንሳል። የጎደላት አንድ እርምጃ ነበር። ያንን እርምጃ በአራት አምስት ጥያቄ መለማመድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 3 ነጥብ ያመጣል። ቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታት፣ የዋጋ ጣሪያን፣ የዋጋ ወለልንና የከርቭ ሽግሽግን ለማየት፣ 2 ነጥብ ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ሰዓት ብትቆይ የምታገኘው ቢበዛ አንድ ነጥብ ነው። ማክሮው ግን ያንኑ ሁለት ሰዓት ብትሰጠው ሁለት ነጥብ ያመጣላታል። ስለዚህ ከ12 ነጥብ 11ዱን ይዛ መውጣት አለባት። ሙሉውን ለመያዝ መሞከር ከሌላው ምዕራፍ ነጥብ መንጠቅ ይሆናል፤ ኢኮኖሚስቶቹ ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት ይህን ነው።

መቼ እንደሚወጣ በስሜት መወሰን ግን አይቻልም። አመቺ ምልክት አለ፦ ከአንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለቱን በተከታታይ፣ ሳያዩ፣ ያለ እርማት ከሠራች ርዕሱን ትተወዋለች። በተቃራኒው አንድ ጥያቄ ላይ 45 ደቂቃ ቆይታ ምንም ካልተንቀሳቀሰች የጎደላት ሰዓት ሳይሆን የሚያስረዳት ሰው ነው። ጥያቄው ምልክት ይደረግበትና የሚያውቅ ጓደኛ ሲገኝ ይጠየቃል።

ምርትና ወጪ የሚባለው አራተኛው ምዕራፍ ነገሩን ያወሳስበዋል። በሙከራው 1 ነጥብ ብቻ ያመጣችበት ነው፤ መካከለኛ ነው ሊባል አይችልም። የመጀመሪያው ሰዓት ተኩል ምናልባት ምንም ነጥብ አያስገኝም፤ ቋሚ ወጪ፣ ተለዋዋጭ ወጪ፣ አማካይ ወጪ፣ ማርጂናል ኮስት የሚሉት ስሞች እስኪለዩ ድረስ ጥያቄ መሥራት አይቻልምና። የጎሰን ደንብ በጥሬው ቢተገበር ምዕራፉን ትተሽ ሂጂ ይላታል። ይህ ግን ስህተት ይሆናል፤ ምክንያቱም አምስተኛው ምዕራፍ፣ የገበያ ዓይነቶች፣ በሙሉ በአራተኛው ላይ የተገነባ ነው። አንዱን በር ሳይከፍቱ ሌላው ክፍል አይገባም። ሁለቱ ሲደመሩ 18 ነጥብ ናቸው፣ ከእነሱም ያላት 3 ብቻ ነው። ርዕስን ለማስቀደም ክብደቱና ክፍተቱ ብቻ አይበቃም፤ ከኋላው ማን እንደቆመም መታየት አለበት። ሸማች ባህሪ ከምርትና ወጪ ጋር ሲነጻጸር ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል፦ ኢንዲፈረንስ ከርቭን ያልተረዳ ተማሪ ቀሪውን ሞጁል ማንበብ ይችላል፤ ማርጂናል ኮስትን ያልተረዳ ግን ምዕራፍ አምስት ላይ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ጥያቄ ማሰር ይቻላል፤ ረቡዕ የሚሠራውም ይህ ነው። የአንድ ድርጅት ጠቅላላ ወጪ TC = 100 + 10Q + Q² ይሁን። ምንም ባይመረትም የሚወጣው 100 ቋሚ ወጪ ነው፤ የቀረው ተለዋዋጭ ነው። ማርጂናል ኮስት የዚህ ዴሪቬቲቭ ነው፤ MC = 10 + 2Q። አማካይ ወጪው ደግሞ ጠቅላላው ለQ ሲካፈል፣ ATC = 100/Q + 10 + Q። አማካይ ወጪ ዝቅተኛ የሚሆነው ከማርጂናል ኮስት ጋር ሲተካከል ነው፤ ሲሠራ Q = 10 ይሆናል፣ ወጪውም በአንድ ዕቃ 30። እስከዚህ ምዕራፍ አራት ነው።

አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትጨመር፦ ድርጅቱ ፍጹም ውድድር ባለበት ገበያ ውስጥ ነው፣ የገበያው ዋጋ 50 ነው። ይህ ምዕራፍ አምስት ነው። ድርጅቱ ማርጂናል ኮስቱ ከዋጋው ጋር እስኪተካከል ያመርታል፤ 10 + 2Q = 50፣ ስለዚህ Q = 20። ገቢው 1000፣ ወጪው 100 + 200 + 400 ማለትም 700፣ ትርፉ 300። ሞኖፖሊ ቢሆንና የፍላጎቱ ቀመር P = 70 − Q ቢሰጥስ? የሚለወጠው አንድ ነገር ነው፤ በዋጋው ምትክ ማርጂናል ገቢው ይገባል፣ MR = 70 − 2Q። ከMC ጋር ሲተካከል Q = 15፣ ዋጋው 55፣ ገቢው 825፣ ወጪው 475፣ ትርፉ 350። ሦስት የተለያዩ የሚመስሉ የፈተና ጥያቄዎች ከአንድ የወጪ ቀመር ወጡ። ተማሪዋ ይህን ሰንሰለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ከሠራችው፣ ቁጥሮቹ ሲለወጡ አትደነግጥም። በደብተሯ ላይ ያሉትን ስምንት ግራፎች በየቀለማቸው ከመገልበጥ ይህ እጅግ ይበልጣል። ደብተር አሳምሮ መጻፍ እጅን ያደክማል፤ ጭንቅላትን ግን ብዙም አይጠይቀውም፤ ሦስት ቀን ሲቀር በጣም ውድ ሥራ ነው።

በዚህ አያያዝ ምርትና ወጪ 5 ሰዓት ወስዶ ከ1 ወደ 7፣ የገበያ ዓይነቶች 4 ሰዓት ወስዶ ከ2 ወደ 6 ከፍ ይላል እንበል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሙሉ ነጥብ አልተጠበቀም፤ ኦሊጎፖሊና ሞኖፖሊስቲክ ውድድር ትርጉማቸውና ዋና ዋና መለያቸው ብቻ ይያዛል። ወርክአውት ጥያቄ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር ቢሳሳት እንኳ ቀመሩን የጻፈና MC ከMR ጋር መተካከል እንዳለበት ያሳየ ተማሪ ከፊል ነጥብ የማግኘት ዕድል አለው። ስለዚህ ጊዜ ያጠረው ሰው ከትክክለኛው መልስ በፊት ትክክለኛውን አነሳስ መያዝ አለበት።

ማክሰኞ ሙከራው፣ ፍላጎትና አቅርቦት፣ የወጪ ስሞች። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ምዕራፍ አራትና አምስት። ሐሙስ ጠዋት የገበያው ቅሪት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ቀጥሎ ማክሮ 2 ሰዓት ያገኛል፤ ጂዲፒ የሚለካባቸው መንገዶች፣ ኢንፍሌሽን፣ የሥራ አጥነት ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ በምርጫና በእውነት/ሐሰት ስለሚመጡ ትርጉማቸውን መለየት ብዙ ያስኬዳል። ከሰዓት በኋላ ሸማች ባህሪ 2 ሰዓት፣ ምዕራፍ አንድ ግማሽ ሰዓት፣ በመጨረሻም 2 ሰዓት ሙሉ የሙከራ ፈተና፣ በሰዓት፣ ደብተር ተዘግቶ።

ለሸማች ባህሪ የተሰጠው ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑ ብዙ ተማሪን ያሳስባል። ምዕራፉ ረጅም ነው፣ ግራፉም ብዙ ነው። ውሳኔው ግን የታሰበበት ነው፦ በቁጥር የሚለካው እርካታ፣ የሚቀንሰው ማርጂናል ዩቲሊቲና የሸማቹ ሚዛን ይያዛሉ፤ ኢንዲፈረንስ ከርቭ በትርጉምና በአንድ ሥዕል ይታለፋል፤ ዋጋ ሲለወጥ የሚፈጠረውን የምትክና የገቢ ውጤት ክፍፍል ጭራሽ አትነካውም። ግማሽ ሰዓት ምዕራፍ አንድን ሙሉ አያደርገውም፤ ግን አውቃ የተወችውና ሳታውቅ የቀረባት ርዕስ ፈተና ላይ ይለያያሉ። አውቃ የተወችው ሲመጣ አትደናገጥም፣ ጊዜም አታባክንበትም። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ሁሉም ምዕራፍ ላይ ጥቂት መሠረት ማኖሯ ከሙሉ ባዶነት ይጠብቃታል። ለዚህ ነው ምዕራፎችን ሙሉ በሙሉ መዝለል፣ «ይሄ አይመጣም» ብሎ መወራረድ፣ የማይመከረው፤ መጀመሪያዋ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የአንድ ርዕስ ርካሿ ሰዓት ናት።

ሐሙስ ማታ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ላይ ምዕራፍ አራት እንደገና ይረዳል። እዚያ የምርት ሦስት ደረጃዎች ይነገራሉ፤ በሦስተኛው ደረጃ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር ጠቅላላ ምርቱን ይቀንሰዋል። እንቅልፍ የተሰረቀበት የጥናት ሰዓትም እዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰዓት ነው። በሎስ አንጀለስ 535 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለ14 ቀናት የጥናትና የእንቅልፍ ሰዓታቸውን በየዕለቱ መዝግበው ነበር። በ2013 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከወትሮው በላይ ለማጥናት እንቅልፋቸውን በቀነሱ ማግስት ትምህርቱ አይገባቸውም፣ ወይም ፈተናው ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ 21 ሰዓቱ ሲቆጠር የሐሙስ ሌሊት ከመጀመሪያውም አልተቆጠረም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደብተሩ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የሚቀረው ሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀመሮቹን ከቃል ማስፈርና የሳተችውን ብቻ አይቶ ማረም ነው።

ይህ አካሄድ ድንበር አለው። ምዕራፎቹ በሙሉ አንዱ በአንዱ ላይ የተሰካኩ ሲሆኑ፣ እንደ ካልኩለስ ባሉ ኮርሶች፣ ርዕስ የመምረጥ ነፃነት በጣም ይጠባል፤ ሊሚትን ያልያዘ ሰው ዴሪቬቲቭን አስቀድሜ ላጥና ቢል ከቀመሩ አያልፍም። እዚያ የሚመረጠው ርዕስ ሳይሆን የጥልቀቱ መጠን ነው። በተጨማሪም 19 የነበረው ተማሪ በሦስት ቀን 39 ይደርሳል የሚለው ስሌት ዋስትና የለውም። ተማሪዋ የተለየ የጥያቄ አወጣጥ ሊገጥማት ይችላል፣ ዎርክሺት ያልሰጠ መምህርም አለ። ሦስት ወይም አራት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ቢል ግን ምዕራፍ አንድን ሦስቴ ካነበበችበት ቀን ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሌላም ጉዳይ አለ፦ በሦስት ቀን የገባ ነገር ቶሎ ይወጣል። ኢኮኖሚክስን ዲፓርትመንት አድርጋ ለምትመርጥ ተማሪ ማርጂናል ኮስት በሁለተኛው ዓመት ማይክሮ ኮርስ ተመልሶ ይመጣል፤ የዘለለቻቸውን ርዕሶች የጻፈችበት ወረቀት ያኔ ስለሚፈለግ ከፈተናው በኋላ መጣል የለበትም።

ዓርብ ጠዋት ነው። ፈተናው ተከፋፍሏል። ተማሪዋ ገና ጥያቄ ሳታነብ ከጥያቄ ወረቀቱ ጀርባ አራት ቀመር ጻፈች። ከዚያ ገጾቹን ገለበጠች። የወጪ ቀመሩ መጥቷል፣ ቁጥሮቹ ሌላ ናቸው። ኢላስቲሲቲ መጥቷል። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ምትክና ገቢ ውጤት በግራፍ አስረጂ የሚል 4 ነጥብ የያዘ ጥያቄ አለ፤ ይህን ሐሙስ ከሰዓት አውቃ የተወችው ነው። ኢንዲፈረንስ ከርቭና የበጀት መስመሩን ሥላ የሚነካኩበትን ነጥብ አመለከተች፣ ዋጋ ሲቀንስ መስመሩ እንዴት እንደሚዞር አሳየች፣ ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ሦስት ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ገጹን ገልብጣ 8 ነጥብ ወደያዘው የሞኖፖሊ ጥያቄ አለፈች።